ሁሌ 2? የካርቶን ጠጣሮችን ስቆጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ጠረጴዛው ላይ ያለው ይኼ ነው፦ ወፍራም ካርቶን፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ኮላ፣ ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና አንድ ደረቅ የልብስ ሳሙና። ሳሙናው የሚያስፈልገኝ ሰኞ ነው። ሥራው ሲያዩት የልጅ ሥራ ይመስላል። ጠጣር ቅርጾችን እሠራለሁ፣ ጫፋቸውን፣ ጠርዛቸውንና ገጻቸውን እቆጥራለሁ፣ በቃ።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ገጽ የምለው ጠፍጣፋውን ፊት ነው። ጠርዝ ሁለት ገጾች የሚገናኙበት ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጫፍ ደግሞ ጠርዞች የሚሰበሰቡበት ሹል ነጥብ። ብዙ ሰው ይኼን «ማዕዘን» ይለዋል። እኔ ግን ማዕዘን የሚለውን ቃል ዲግሪ ስለካ ስለምፈልገው ለዚህ አላባክነውም።

የምፈትነው ሕግ ደግሞ ይኼ ነው፦

ጫ − ጠ + ገ = 2

የጫፎቹን ብዛት ያዝ፣ የጠርዞቹን ቀንስ፣ የገጾቹን ጨምር፤ 2 ይመጣል ነው የሚለው። በመጻሕፍት V − E + F = 2 ተብሎ ይጻፋል። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በርሊን ሳለ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1750 ለጓደኛው ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስፍሮታል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ማረጋገጫውን ገና እንዳላገኘ ነግሮታል። ማለትም እሱም መጀመሪያ ያደረገው እንደኔ መቁጠር ነው። ይኼ ትንሽ አበረታኝ።

ሕጉ የሚናገረው ስለ ኮንቬክስ ጠጣሮች ነው። ኮንቬክስ ማለት የትም ቦታ ያልሰረጎደ ማለት ነው። በውስጡ ካሉ ከየትኛውም ሁለት ነጥቦች መካከል ክር ወጥረህ ክሩ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ጠጣሩ ኮንቬክስ ነው።

በቀላሎቹ ጀመርኩ። አራት ጎነ ሦስት ገጾች ያሉት ቴትራሄድሮን 4 ጫፍ፣ 6 ጠርዝ፣ 4 ገጽ አለው። መሠረቱ ካሬ የሆነ ፒራሚድ 5፣ 8፣ 5። ጎነ ሦስት ፕሪዝም 6፣ 9፣ 5። ኪዩብ 8፣ 12፣ 6። አራቱም 2 ሰጡ። እነዚህን እጅ ላይ ይዞ መሳሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ ገና ምንም አልተፈተነም።

ቅዳሜ፣ ማታ

አንድ የሚገርም ስህተት ሠራሁ፤ ልጽፈው።

ኪዩቡን የሠራሁት ከመስቀል ቅርጽ ዝርግ ነው። አራት ካሬ በተርታ፣ ከሁለተኛው ግራና ቀኝ አንድ አንድ። ሁለተኛ ኪዩብ ስቆርጥ፣ ካርቶኑ ገና ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ሰነፍኩና እዚያው ቆጠርኩት። ገጽ 6፣ ልክ ነው። ጫፍ 14። ጠርዝ 19፤ ዙሪያውን 14፣ በውስጥ የሚታጠፉት 5። 14 − 19 + 6 = 1። ሁለት ሳይሆን አንድ!

መጀመሪያ ቆጠራዬን ነው የጠረጠርኩት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ነገሩ ሲገባኝ ቆጠራው ልክ ነበር፤ ልክ ያልነበረው የቆጠርኩት ነገር ነው። ዝርጉ ገና ጠጣር አልሆነም። ሲጣበቅ ዙሪያው ላይ ያሉት 14 ጠርዞች ጥንድ ጥንድ ሆነው 7 ይሆናሉ፤ ስለዚህ 7 ጠርዝ ይጠፋል። 14ቱ ጫፎች ተደራርበው 8 ይሆናሉ፤ 6 ጫፍ ይጠፋል። 6 ጫፍ ሲጠፋ ውጤቱ በ6 ይቀንሳል፤ 7 ጠርዝ ሲጠፋ በ7 ይጨምራል። ልዩነቱ አንድ ነው። ያ አንድ ነው 1ን 2 ያደረገው።

ይኼ «ጠፍጣፋ ከሆነ 1፣ ከተዘጋ 2» የሚለው ነገር ሌላም ቦታ የሚመለስ ይመስለኛል። ምልክት አድርጌበት ተኛሁ።

እሑድ

ዛሬ ከበድ ያሉት ናቸው። ዶዴካሄድሮን፣ 12 ጎነ አምስት ገጾች ያሉት። ሁለት አበባ ቆረጥኩ፤ መሐል ላይ አንድ ጎነ አምስት፣ ዙሪያውን አምስት። እያንዳንዱ አበባ ሲታጠፍ አፉ ጥርስ ጥርስ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። የአንዱ ጥርስ በሌላው ክፍተት ገብቶ ይገጥማል። ኮላው እስኪደርቅ ሁለት ጊዜ ተፈነቀለብኝ።

ከዚያ ቆጠርኩ። ገጽ 12፣ ጫፍ 20፣ ጠርዝ 29። 20 − 29 + 12 = 3።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «አሃ፣ ሕጉ ተሰበረ» ብሎ መደሰት ነው። ሌላው እንደገና መቁጠር። ዕቃውን እያዞሩ መቁጠር ግን ራሱ ችግሩ ነው። የጀመርክበት ቦታ ይጠፋሃል። አንዱን ጠርዝ ሁለቴ ትነካለህ ወይም ትዘላለህ። እስክሪብቶ የያዝኩት ለዚህ ነበር፤ የነካሁትን ጠርዝ በቀይ አጭር ሰረዝ ላደርግበት። ኮላው ባለበት ስፌት ላይ ግን ቀለሙ አልያዘም።

ስለዚህ ሳልነካው ቆጠርኩት። እያንዳንዱ ጎነ አምስት 5 ጠርዝ አለው፤ 12 ጊዜ 5 ይሆናል 60። ግን እያንዳንዱን ጠርዝ ሁለት ገጾች ስለሚጋሩት ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። 60 ሲካፈል ለ2፣ 30። ጫፎቹም እንዲሁ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ገጾች ይገናኛሉ፣ 60 ሲካፈል ለ3፣ 20። 20 − 30 + 12 = 2። የዘለልኩት ጠርዝ ስፌቱ ላይ ነበር፤ ከተገኘ በኋላ ግልጽ ብሎ ታየኝ።

ከአበባዎቹም አረጋገጥኩት። አንዱ ሳህን ብቻውን 20 ጠርዝ አለው፤ የመሐለኛው 5፣ በቅጠሎቹ መካከል 5፣ አፉ ላይ 10። ሁለቱ ሲገጥሙ 10ሩ የአፍ ጠርዞች ይደራረባሉ። 20 + 20 − 10 = 30። የለም ማለት አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ መጣ። አይኮሳሄድሮኑን ሰጠሁት፤ 20 ጎነ ሦስት ገጽ ያለው ነው። ዞር ዞር አድርጎ ቆጥሮ «11 ጫፍ፣ 29 ጠርዝ፣ 20 ገጽ» አለኝ። 11 − 29 + 20 = 2። «ይኸው መጣ!» አለ።

መጣ፣ ግን ስህተት ነው። ልክ የሆነው 12 ጫፍና 30 ጠርዝ ነው። 20 ጊዜ 3 ይሆናል 60፤ ለ2 ሲካፈል 30 ጠርዝ። በእያንዳንዱ ጫፍ አምስት ጎነ ሦስቶች ስለሚገናኙ 60 ለ5፣ 12 ጫፍ። አንድ ጫፍና አንድ ጠርዝ አብሮ ዘልሎ ስህተቶቹ ተጣፉ። ወንድሜ ትንሽ ተናደደ። «ታዲያ 2 መምጣቱ ምን ይጠቅማል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። 2 ካልመጣ የሆነ ቦታ መሳሳትህን በእርግጠኝነት ታውቃለህ። 2 ከመጣ ግን ልክ ነህ ማለት አይደለም። ከዚህ በኋላ በሁለት መንገድ ያልተቆጠረ ነገር ደብተሬ ላይ አይገባም ብያለሁ።

ኦክታሄድሮኑን በፍጥነት ልለፈው፦ 6፣ 12፣ 8። የኪዩብ ግልባጭ ነው፤ ጫፍና ገጹ ቦታ ተቀያይረዋል። 2 እንደሚመጣ ሳይቆጠር ይታወቃል።

ሰኞ፣ ማታ

ሳሙናው።

ሳሙና የፈለግኩት በቢላ ስለሚቆረጥ ነው። ኪዩብ አይደለም፤ ረዘም ያለ ሳጥን ነው። ለቆጠራ ግን ልዩነት የለውም፤ ያው 8፣ 12፣ 6።

አንዱን ጫፍ ቆረጥኩ። ቁራጩ ወደቀ፣ በቦታው ትንሽ ጎነ ሦስት ገጽ ታየ። ምን ተለወጠ? አሮጌው ጫፍ ጠፋ፣ ሦስት አዳዲስ ጫፎች መጡ፤ ጫፍ በ2 ጨመረ። የጎነ ሦስቱ ሦስት ጎኖች አዲስ ጠርዞች ናቸው፤ ጠርዝ በ3 ጨመረ። አሮጌዎቹ ጠርዞች አጠሩ እንጂ አልጠፉም። ገጽ በ1 ጨመረ። 2 − 3 + 1 = 0። አሁን ሳሙናው 10፣ 15፣ 7 ነው፤ ያው 2።

እንግዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ሕጉ ቅርጹን አይመለከትም። ስትቆርጥ የሚመጣውና የሚሄደው እኩል ስለሆነ 2ቱ ከቦታው አይነቃነቅም። አራት ጠርዝ የሚሰበሰብበት ጫፍ ቢሆንም ያው ነው፤ ጫፍ በ3፣ ጠርዝ በ4፣ ገጽ በ1 ይጨምራል።

ስምንቱንም ጫፎች ቆረጥኩ። 24 ጫፍ፣ 36 ጠርዝ፣ 14 ገጽ። 2።

ከዚያ ቁርጡን አጠለቅኩት። እያንዳንዱ ቁርጥ እየሰፋ ሲሄድ በሁለት ቁርጦች መካከል የቀረችው የአሮጌ ጠርዝ ቁራጭ እያጠረች ትሄዳለች። ቁርጦቹ የጠርዞቹ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ቁራጯ ጭራሽ ትጠፋለች፤ የሷ ሁለት ጫፎች አንድ ይሆናሉ። 12 ጠርዝ ጠፋ፣ 12 ጫፍ ጠፋ፣ ገጽ አልተነካም። 12፣ 24፣ 14። እንደገና 2።

በወረቀት ይኼ ቆንጆ ነው። በሳሙና ግን ሌላ ታሪክ ነው። እጄ ትንሽ ስቶ ሁለት ቁርጦች ነጥብ ላይ ሳይሆን ትንሽ ተጠላልፈው ተገናኙ። ሁለቱ ጫፎች አንድ መሆን ሲገባቸው አዲስ አጭር ጠርዝ በሌላ አቅጣጫ ተፈጠረች። ሁለት ሚሊ ሜትር አትሞላም። ሁለቱን ጫፎቿን ቆጥረህ ያችን ከዘለልክ 2 አይመጣም፤ ከቆጠርካት ይመጣል። ሳሙናው የተበላሸ ኮንቬክስ ጠጣር ነው፤ ግን ኮንቬክስ ጠጣር ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ማረጋገጫው። ቆርጦ ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ኮንቬክስ ጠጣር ከሳሙና ተቆርጦ እንደሚመጣ ገና አላሳየሁም። ኮሺ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1811 ያቀረበውን መንገድ በኪዩብ ላይ ደረጃ በደረጃ ሄድኩበት።

መጀመሪያ አንድ ገጽ አውጥተህ ጣል። ሳጥኑ ክዳን አጣ። ካርቶኑ ጎማ ቢሆን በክፍቱ አፍ ለጥጠህ ጠረጴዛ ላይ ታነጥፈዋለህ። የሚመጣው ሥዕል ትልቅ ካሬ፣ በውስጡ ትንሽ ካሬ፣ ጫፎቻቸውን የሚያገናኙ አራት መስመሮች። 8 ጫፍ፣ 12 ጠርዝ፣ 5 ገጽ። 8 − 12 + 5 = 1። አንድ ገጽ ስለጣልኩ 2 ወደ 1 ወረደ። የቅዳሜው ዝርግ 1 የሰጠው ለዚሁ ነው፤ ውጪው አልተቆጠረም።

አሁን 1 መሆኑን ማሳየት ነው። አምስቱንም ገጾች በሰያፍ መስመር ለሁለት ለሁለት ከፈልኩ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጠርዝና አንድ ገጽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ውጤቱ አይለወጥም። 8፣ 17፣ 10። ሁሉም ጎነ ሦስት ሆነ። ሰያፎቹን በዙሪያው በአንድ አቅጣጫ እንዲዞሩ፣ እንደ ፋን ክንፍ፣ አሰመርኳቸው።

ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ማንሳት። በትልቁ ካሬ ጎን ላይ ያሉት አራት ጎነ ሦስቶች አንድ አንድ የውጭ ጠርዝ ብቻ አላቸው። እያንዳንዱ ሲነሳ 1 ጠርዝና 1 ገጽ ይሄዳል። አራቱም ሲነሱ 8፣ 13፣ 6። አሁን የቀሩት አራት የውጭ ጎነ ሦስቶች እንደ ሹል ጥርስ ወጥተዋል። እያንዳንዱን ስታነሳ 1 ጫፍ፣ 2 ጠርዝ፣ 1 ገጽ ይሄዳል። 4፣ 5፣ 2። መሐል ላይ ለሁለት የተከፈለው ትንሽ ካሬ ብቻ ቀረ። አንዱን ግማሽ አነሳሁ፤ 3፣ 3፣ 1። አንድ ጎነ ሦስት። 3 − 3 + 1 = 1። የጣልነውን ገጽ መልስ፣ 2።

ወንድሜ ሊሞክር ፈለገ፤ በእርሳስ አዲስ ሠራንለት። የመጀመሪያ እርምጃው ከመሐል አንዷን ጎነ ሦስት ማጥፋት ነበር። «አይሆንም» አልኩት። «ለምን? ጎነ ሦስት አይደለችም?» አለ። እሷ ስትጠፋ ጠርዞቿ ሁሉ ለጎረቤቶቿ ስለሚያስፈልጉ አይሄዱም፤ የሚሄደው ገጹ ብቻ ነው። 8 − 17 + 9 = 0። ሥዕሉ መሐሉ የተበሳ ሆነ። ብዙ ሰው የኮሺን መንገድ ሲያብራራ «እያነሳህ ሂድ» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የቀረው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ሆኖ፣ ሳይበሳ መቆየት አለበት። ለሁሉም ጠጣር እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል መኖሩን ማሳየት የማረጋገጫው እውነተኛ ሥራ ነው። እኔ ያሳየሁት ለኪዩብ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ረቡዕ አልሠራሁም። ዛሬ ግን የሳምንቱ ምርጥ ቀን ነው፤ ሕጉን ለመስበር ተነሳሁ።

የወንድሜ መበሳት ሐሳብ ሰጠኝ። ከካርቶን የሥዕል ፍሬም ሠራሁ። ወፍራም፣ መሐሉ ካሬ ቀዳዳ ያለው። ኮንቬክስ አይደለም፤ ቀዳዳውን አቋርጦ የሚወጠር ክር ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ 2 እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጫፍ፦ ከላይ 4 የውጭና 4 የውስጥ፣ ከታችም እንዲሁ፤ 16። ጠርዝ፦ ከላይ 8፣ ከታች 8፣ ቋሚ 8፤ 24። ገጽ፦ የውጭ ግድግዳ 4፣ የውስጥ ግድግዳ 4፣ ላይና ታች 2፤ 10።

16 − 24 + 10 = 2።

ምን?

እንደገና ቆጠርኩ። 2። ቀዳዳ አለው፣ ኮንቬክስ አይደለም፣ ግን 2። ሻይ አፈላሁ።

ሌላ ነገር ሞከርኩ። በትልቅ ኪዩብ አንድ ገጽ መሐል ላይ ትንሽ ኪዩብ ለጠፍኩ። ቀዳዳ የለውም። 16 ጫፍ፣ 24 ጠርዝ። ገጽ፦ ከትልቁ ያልተነኩት 5፣ ከትንሹ 5፣ ትንሹ የቆመበት ዙሪያ 1፤ 11። 16 − 24 + 11 = 3።

ቀዳዳ ያለው 2 ሰጠ፣ ቀዳዳ የሌለው 3። የተገላቢጦሽ።

መልሱ ያለው ትንሹ ኪዩብ የቆመበት ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ ቀለበት ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው። በኮንቬክስ ጠጣር ላይ እንዲህ ያለ ገጽ አይገኝም። ሕጉ የሚፈልገው ገጽ እንደ ወረቀት ቁራጭ ሙሉ የሆነ፣ በውስጡ ሌላ ዙሪያ የሌለው ነው። ቀለበቱን ለማስተካከል ከውስጠኛው ካሬ ጫፍ ወደ ውጭኛው ጫፍ አንድ መስመር በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ገጹ ለሁለት አልተከፈለም፤ አንድ ሆኖ የተሰነጠቀ ቀለበት ሆነ። ጠርዝ ብቻ በ1 ጨመረ። 16 − 25 + 11 = 2። ተስተካከለ።

ፍሬሙም ላይ ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ ላይና ታች። ሁለት መስመር አሰመርኩ። 16 − 26 + 10 = 0። ይኸው! የፍሬሙ እውነተኛ ቁጥር 0 ነው። የመጀመሪያው 2 የመጣው በአጋጣሚ ነበር፤ ቀዳዳው 2 ቀንሶ፣ ሁለቱ ቀለበቶች 2 ጨምረው ተጣፉ። የእሑዱ የወንድሜ ስህተት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

በሌላ መንገድም ቆጠርኩት፤ ሕጌ ነውና። እውነተኛ ፍሬም ማዕዘኑ ላይ በሰያፍ ይገጣጠማል። ሰያፎቹን አራት ከላይ፣ አራት ከታች ባሰምር ጠርዝ 32፣ ላይና ታች አራት አራት ገጽ ስለሚሆኑ ገጽ 16። 16 − 32 + 16 = 0። ተስማሙ።

እነዚህን ዓይነት ጠጣሮች ሰብስቦ የጻፈው ሉዊሊየ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1813። ቀዳዳ ያላቸውን፣ ቀለበት ገጽ ያላቸውን፣ ውስጣቸው ባዶ ክፍል ያለባቸውን።

ለፍትሕ ያህል አንድ ሌላ። የኪዩብን አንድ ገጽ አውጥቼ በቦታው ወደ ውስጥ የገባ ፒራሚድ አስገባሁ። ሰርጉዷል፣ ኮንቬክስ አይደለም። 9 ጫፍ፣ 16 ጠርዝ፣ 9 ገጽ። 2። ይኼኛው አጋጣሚ አይደለም፤ ካርቶኑ ጎማ ቢሆን ነፍተህ ኳስ ታደርገዋለህ። ፍሬሙን ግን የፈለግከውን ያህል ብትነፋው ወፍ የለም፤ ቀለበት ነው የሚሆነው።

ቅዳሜ

የእግር ኳስ። የጥንቱ ጥቁርና ነጭ፤ 12 ጥቁር ጎነ አምስት፣ 20 ነጭ ጎነ ስድስት። ኳሱ ስለተነፋ ገጾቹ ጠፍጣፋ አይደሉም፤ ለመቁጠር ግን ግድ የለም።

በጣት ለመቁጠር አልሞከርኩም። 12 ጊዜ 5 ይሆናል 60፣ 20 ጊዜ 6 ይሆናል 120፤ ድምሩ 180። ለ2፣ 90 ጠርዝ። በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ስለሚገናኙ ለ3፣ 60 ጫፍ። 60 − 90 + 32 = 2።

ወንድሜ «በጎነ ስድስት ብቻ ኳስ ብንሠራስ?» አለ። ሠላሳ ገደማ ጎነ ስድስት ቆርጠን፣ በየጫፉ ሦስት ሦስት እያገናኘን በፕላስተር አያያዝናቸው። ሰሌን ሆነ። ጠፍጣፋ። ሰባት ብትጨምርም ሰሌኑ ይሰፋል እንጂ አይታጠፍም። ምክንያቱ የጎነ ስድስት ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው፤ ሦስቱ ሲገናኙ 360 ሞልቶ ክፍተት አይቀርም።

ሕጉም ይኼንኑ ይላል። በጎነ ስድስት ብቻ የተዘጋ ነገር ቢኖር፣ በ1 ገጽ 6 ጠርዝ ለ2 ሲካፈል 3 ጠርዝ፣ 6 ለ3 ሲካፈል 2 ጫፍ ይደርሳል። 2 − 3 + 1 = 0። ገጾቹ ሺህ ቢሆኑም ሺህ ጊዜ 0 ነው፤ 2 አይመጣም። ጎነ አምስት ሲሆን ግን ለ1 ገጽ 5/3 ጫፍ፣ 5/2 ጠርዝ ይደርሳል። 5/3 − 5/2 + 1 ይሆናል 1/6። እያንዳንዱ ጎነ አምስት 1/6 ያዋጣል፣ ጎነ ስድስት ምንም አያዋጣም። 2 ለመሙላት 12 ጎነ አምስት ያስፈልጋል። ጎነ ስድስቶቹ 20 ይሁኑ 80፣ በየጫፉ ሦስት እስከተገናኙ ድረስ ጎነ አምስቶቹ 12 ናቸው። ዶዴካሄድሮኑም ያው 12 ነው፤ ጎነ ስድስቶቹ 0 የሆኑበት ኳስ።

ከሰሌኑ መሐል አንድ ጎነ ስድስት ቆርጠን አውጥተን ጎነ አምስት አስገባን። አፉን ለመግጠም ስትጎትተው ሰሌኑ ተነስቶ ሳህን ሆነ። ዲግሪውን አሰላሁ። በኳሱ ጫፍ 108 ሲደመር 120 ሲደመር 120፣ 348። ከ360 የጎደለው 12 ዲግሪ። ጫፎቹ 60 ናቸው፤ 60 ጊዜ 12 ይሆናል 720።

ወደ ኋላ ሄጄ ሌሎቹን አየሁ። ኪዩብ፦ በየጫፉ ሦስት 90፣ 270፣ የጎደለው 90፤ 8 ጊዜ 90 ይሆናል 720። ዶዴካሄድሮን፦ ሦስት 108፣ 324፣ የጎደለው 36፤ 20 ጊዜ 36፣ 720። ቴትራሄድሮን፦ ሦስት 60፣ የጎደለው 180፤ 4 ጊዜ 180፣ 720። ይኼን ዴካርት ከኦይለር በፊት አውቆት ነበር። ማስታወሻው ጠፍቶ፣ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1676 የገለበጠው ቅጂ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

720 ሁለት ጊዜ 360 ነው። ያ 2 ያው የቅዳሜው 2 ነው።

የተበላሸው ሳሙና ብቻ ቀርቷል። ማዕዘኖቹን መለኪያ አልያዘም፤ ያችን ሁለት ሚሊ ሜትር ጠርዝ የት እንዳስቀምጥ አላውቅም። ወንድሜ እጁን ሊታጠብበት ወሰደው።